የማን ልጅ ናት? ወይስ ምን ትሠራለች?

ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስ ላይ በሕዝብ ግንኙነት ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ስቆይ አብዝቼ የጻፍኩት ዜና አይደለም፤ የሰው አጭር የሕይወት ታሪክ ነው። ለተሾመ፣ ለተሸለመ፣ ለስብሰባ ለተጋበዘ፣ ብዙ ጊዜም ለሞተ። አሁን ከእናንተ ብዙዎቹ ራሳችሁን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ታስተዋውቃላችሁ፤ ስትልኩልኝ የማየው ግን አንዱን ጽፋችሁ ወደ ሌላው ቃል በቃል ስትገለብጡት ነው። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። የተውኩት በአንዲት የአፈር ባለሙያ የተነሳ ነው።

ሴትዮዋ የማቻከል ልጅ ናት። ባሕር ዳር የውጭ እንግዶች ባሉበት ስብሰባ ላይ እንድትናገር ተጋበዘችና ማስተዋወቂያዋን በእንግሊዝኛ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። አማርኛው እጄ ላይ ነበር። አጀማመሩን ታውቁታላችሁ፦ «በቀድሞው ጎጃም ክፍለ ሀገር፣ በደብረ ማርቆስ አውራጃ፣ በማቻከል ወረዳ፣ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ እገሊት በታኅሣሥ ወር 1968 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…» አንድም ቃል ሳላስቀር ገለበጥኩት።

መድረኩን የሚመራው እንግዳ ሰዓት አጥሮት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ አነበበ። አዳራሹ የአባቷን ስም፣ የእናቷን ስም፣ ዛሬ በካርታ ላይ የሌለ አውራጃ ሰማ። አፈር የሚል ቃል አልሰማም። ስትወርድ አጠገቤ መጥታ «ጋሼ፣ በቁሜ ቀበሩኝ እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ «ከአባታቸው ከአቶ…» ሲባል ሰው ነጠላውን ማስተካከል ይጀምራል።

ያ አጀማመር ግን በራሱ ጥፋት የለበትም። የእኛ ሰው እንግዳ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማን ልጅ ናት?» ብሎ ነው። አገሯንና ወላጆቿን ካወቀ በኋላ ነው ጆሮውን የሚሰጠው። የእንግሊዝኛው አንባቢ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህችን ሴት ዛሬ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ የማዳምጣት ለምንድን ነው? መልሱን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ካላገኘ አያነብም፤ ሰዓት ካጠረም የሚቆረጠው ከታች ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛውን አማርኛውን ሳላይ እንደገና ጻፍኩት። ሐሳቡ በእኛ ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነበር፦ «በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ አሲዳማ አፈርን በኖራ በማከም ላይ ከገበሬዎች ጋር የምትሠራ ተመራማሪ ናት። የምታጠናው ያደገችበትን አፈር ነው፤ ቤተሰቦቿ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ገበሬዎች ናቸው።» ልብ በሉ፣ ትውልዷ አልጠፋም። ቦታው ተቀየረ፣ ሥራም ተሰጠው። «አውራጃ» እና «ወረዳ» ግን ወጡ፤ ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግሩትም፤ የሚነግረው ርቀትና አቅጣጫ ነው።

ቀጥሎ ዓመተ ምሕረቱ አለ፤ እዚህ ላይ የወደቀ ብዙ ነው። ዓለማያ የገባችው በ1986 መስከረም ነው፤ የተመረቀችው በ1989 ሰኔ። እኔ ሁለቱም ላይ 8 ደመርኩና ከ1994 እስከ 1997 ብዬ ጻፍኩ። የአማርኛ አንባቢ 86፣ 87፣ 88፣ 89 ብሎ የትምህርት ዘመኑን ይቆጥራል፤ አራት ዓመት። ፈረንጁ ግን ይቀንሳል፤ ሦስት ዓመት ያገኛል። የአራት ዓመት ዲግሪ በሦስት ዓመት የጨረሰች ሆነች ማለት ነው፤ ራሷ ከላከችው የሥራ ማስረጃ ጋርም ተጋጨ። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዓመት ማብቂያ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ስለዚህ መግቢያዋ 1993፣ ምርቃቷ 1997 ነበር። ልደቷማ የባሰ ነው። የታኅሣሥ ወር ሁለት የፈረንጅ ዓመት ይረግጣል፤ በ1968 ታኅሣሥ 22 ቀን ጃንዋሪ 1 ነበር፤ ከዚያ በፊት ከሆነ 1975፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ 1976። ቀኑን ጠይቁ፤ ካልተገኘ ከእንግሊዝኛው አውጡት፤ ለስብሰባ ማስተዋወቂያ የልደት ዓመት ማንም አይፈልግም። የትምህርት ቤቱም ስም እንዲሁ ነው፦ ዲግሪዋ ላይ ያለው ዓለማያ ነው፣ ዛሬ የሚፈለገው ሐረማያ በሚለው ነው። ሁለቱንም ጻፉ።

«ከፍተኛ ባለሙያ» የምትለዋን ደግሞ «ሲኒየር ኤክስፐርት» ብዬ ነበር። በእኛ መሥሪያ ቤት ይህ የሥራ መደብ ነው፤ ደመወዝ የሚወጣበት እርከን። ውጭ ሰው ሲያነበው ራስን ማወደስ ይመስለዋል። መደቡን ትቼ የሠራችውን ጻፍኩ፤ ስንት ቀበሌ፣ ስንት ዓመት፣ በምን ሰብል ላይ።

ስሟንም «ዶክተር» ብለው በአባቷ ስም ነበር የጠሯት። አባቷ ዶክተር አይደሉም፤ አንድ ቀንም አስኳላ አልገቡም። ከዚያ ወዲህ ለአዘጋጆች በምልከው ደብዳቤ ላይ «ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ በመጀመሪያው ጥሩ» የምትል መስመር አስገባለሁ።

በዓመቱ ነገሩ ተገላበጠ። አማኑኤል ከተማ ላይ ለገበሬዎች ልትናገር ሆነና አንድ ልጅ እግር የሥራ ባልደረባዬ ያንን እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መለሰው። «የዘርፉ ግንባር ቀደም ተመራማሪ፣ በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ጽሑፎችን ያሳተመች…» ብሎ ይጀምራል። አንደኛ «ያሳተመች» ብሎ አንቺ አላት፤ በእንግሊዝኛ «ሺ» አክብሮትም ንቀትም የለውም፣ በአማርኛ ግን እዚያ መድረክ ላይ «ያሳተሙ» ነው። (ስለ ራሳችሁ ራሳችሁ ስትጽፉ ግን ራሳችሁን አንቱ አትበሉ፤ «እኔ» በሉ።) ሁለተኛ ገበሬው መጽሔቱን ምን ያደርግለታል? «ግንባር ቀደም» ሲባልም ጎረቤቱን ዞር ብሎ ያያል።

አማርኛውን የማቻከል ልጅ መሆናቸውን በማስቀደም ጻፍነው፤ ቀበሌያቸውንም አባታቸውንም ጠራን። ጽሑፎቹ ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፉ። «አሲዳማ» በምትለው ጎን «ኮምጣጣ» ገባች። በእንግሊዝኛው በሄክታር 3 ቶን ኖራ የሚለውም እንደዚያው አልተቀመጠም፤ 30 ኩንታል ነው፣ ጥማዱን ሩብ ሄክታር ካልነው ደግሞ ሰባት ኩንታል ተኩል። ያን ቁጥር ገበሬው በአህያ ጭነት ያሰላዋል።

ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው የአንዱ ዓረፍተ ነገር ከሌላው አይገጥምም። የሚገጥመው ከበስተጀርባቸው ያለችው አንዲት ወረቀት ናት፤ ስም በፓስፖርት እንዳለው፣ ቀኖች በሁለቱም አቆጣጠር፣ የሥራ ቦታዎች፣ ቁጥሮች። ባለቤቷ አይታ የፈረመችባት። አንዱን ስታሻሽሉ ሌላው እንዳይዋሽ የምታመሳክሩት በእሷ ነው።

አማኑኤል ላይ አንብቤ ስጨርስ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። ስለ ኖራው ይጠይቃሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «የእናቷን ስም አላልክም» አሉኝ።