ስኑዝ ያደረግነው ኢሜይል መቼ ይመለስ? ጥያቄና መልስ

ስኑዝ ማለት ኢሜይሉን ከኢንቦክስ አውጥቶ በመረጥነው ቀንና ሰዓት እንዲመለስ ማድረግ ነው። ስለ ጂሜይል ነው የምመልሰው። አውትሉክም ስኑዝ አለው፤ አንዳንድ ነገሩ ግን ይለያል። በቀጥታ እንግባ።

ጥያቄ፦ በ20 አርብ የሚያበቃ ማመልከቻ አለኝ። ስኑዝ የማደርገው ለ20 ጠዋት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የመጨረሻውን ቀን አትምረጪ! በ20 ጠዋት ኢንቦክስሽ አናት ላይ ቢመጣ ምን ልታደርጊበት ነው? ኢሜይሉ መመለስ ያለበት ሥራውን መጀመር በምትችይበት ሰዓት ነው።

ማመልከቻው ምን ይፈልጋል? የባንክ ደብዳቤና የአለቃ ፊርማ ነው እንበል። ባንኩ ሦስት የሥራ ቀን ይወስዳል፤ አለቃሽ አንድ ቀን። አሁን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሪ። ሐሙስ 19 ትልኪያለሽ፤ አርብ መጠባበቂያ ይሁን። ፊርማው እንዲደርስ ቅጹ ረቡዕ 18 ጠዋት አለቃሽ ጠረጴዛ ላይ መሆን አለበት። ስለዚህ ደብዳቤው ማክሰኞ 17 እጅሽ ይግባ። ለዚያ ደግሞ ሐሙስ 12 መጠየቅ አለብሽ፤ ቅዳሜና እሁድ አይቆጠሩም። ስኑዙ ለ12 ነው፣ ባንኩ በሚከፈትበት ሰዓት። ደብዳቤውን እንደጠየቅሽ እዚያው ኢሜይል ላይ እንደገና ስኑዝ፣ ለ17 ከሰዓት። አንድ ኢሜይል ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ በመጣ ቁጥር የሚሠራ ነገር ይዞ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ስኑዝ ያደረግኩት ጠፋብኝ።

መልስ፦ አልጠፋም። መፈለጊያው ላይ ይህን ጻፍ፦

```
in:snoozed
```

ስልክህ ላይ ሌላ የኢሜይል አፕ የምትጠቀም ከሆነ `Snoozed` የሚለውን ላታገኘው ትችላለህ። `All Mail` ውስጥ ፈልገው።

ጥያቄ፦ የጻፍኩት ኢሜይል ጠዋት በ3 ሰዓት እንዲላክ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ ያ ሌላ ነገር ነው፣ `Schedule send` ይባላል። እዚህ የምናወራው ስለ መጣልን ኢሜይል ነው።

ጥያቄ፦ ለአንድ ሰው ጽፌ መልሱን እየጠበቅኩ ነው። እሱ ካልመለሰልኝ እንዳልረሳው ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። `Sent` ውስጥ ግባና የላክኸውን ራሱን ስኑዝ አድርገው። መልስ ካልመጣ በቀኑ ኢንቦክስህ ላይ ይቀመጣል።

ሌላ አባል፦ ሰውየው ቀድሞ ቢመልስም ግን የሚመጣው ያልከው ቀን ሲደርስ ነው።

መልስ፦ በቀኑ መምጣቱ ልክ ነው። መልስ ከገባ ግን ቀኑን አይጠብቅም፣ ወዲያው ይመለሳል። ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። «ደርሶኛል፣ አየዋለሁ» የሚል አንድ መስመር ይመጣል። አንብበህ አርካይቭ ታደርገዋለህ። አለቀ፤ የሚያስታውስህ የለም፣ ሰውየውም አላየውም። እንዲህ ያለ ባዶ መልስ ከመጣ እዚያው አዲስ ቀን ስጠው።

ጥያቄ፦ ሲመለስ ለምን እንዳዘገየሁት ትዝ አይለኝም።

መልስ፦ ስኑዝ ማስታወሻ መጻፊያ የለውም። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ ኢሜይሉን ፎርዋርድ ብዬ ለራሴ እልካለሁ፤ አናቱ ላይ «ባንክ ደውል፣ ደብዳቤ ጠይቅ» ብዬ። ከዚያ እሱን ስኑዝ አደርጋለሁ። `Reply` ብላችሁ አትሞክሩት፣ ማስታወሻው ለሰውየው ይሄዳል።

ሌላ አባል፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ካላንደር ላይ መጻፍ ነው። እኔ ስኑዝ ትቼ ተገላገልኩ።

ሦስተኛ አባል፦ ካላንደሩ «ደብዳቤ ጠይቅ» ይልሃል፣ ከዚያ ኢሜይሉን ፍለጋ ትገባለህ። እኔ እንዳልተነበበ ምልክት አድርጌ እተወዋለሁ።

ሌላ አባል፦ ያንተ ኢንቦክስ ስንት ያልተነበበ አለው?

ሦስተኛ አባል፦ እሱን ተወው።

መልስ፦ ሰዓት ያለው ስብሰባ ከሆነ ካላንደር ይሻላል፣ እስማማለሁ። የቀረውን ሌላ ቀን ተከራከሩበት።

ጥያቄ፦ ሰኞ ጠዋት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣብኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ `Next week` የሚለውን እየነካህ ነዋ። ሁሉንም ሰኞ 8:00 AM ላይ ይከምረዋል። ያን ጊዜ ደግሞ ሳታነብ ሁሉንም እንደገና ትገፋለህ። `Pick date & time` ግባና ለየብቻ ሰዓት ስጣቸው፤ ስልክ የሚያስደውለውን ቢሮ በሚከፈትበት ሰዓት፣ ረጅም ንባቡን ከሰዓት። ሦስት ጊዜ የገፋኸው ካለ ደግሞ ወይ ዛሬ ሥራው፣ ወይ «አልችልም» ብለህ መልስለት።

ጥያቄ፦ በ30 የሚያበቃ ክፍያ አለኝ፣ ለ30 ላድርገው?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብቡ እባካችሁ። የመጨረሻውን ቀን አትምረጡ። ገንዘቡ ተቀባዩ ጋ ለመድረስ ስንት ቀን ይወስዳል? እሱን ሳትነግረኝ ቀን ልነግርህ አልችልም።

ጥያቄ፦ ከአንድ ሰው የሚመጣውን ሁሉ በራሱ ስኑዝ እንዲያደርግ በፊልተር ማዘዝ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። የጂሜይል ፊልተር ውስጥ ያ ምርጫ የለም።