ሦስተኛው ማስተካከያ ነው ወይስ ስህተት?

«ለማሠልጠኛችን የመመዝገቢያ ድረ ገጽ የሚሠራ ፍሪላንስ ዴቨሎፐር ይዣለሁ። የላክሁለት የሥራ ዝርዝር 'ሁለት ጊዜ ማስተካከያ፤ ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ፣ ግማሹ ሲያልቅ' ይላል። ፎርሙ በስልክ ሲከፈት መላኪያው ቁልፍ አይታይም፤ አስተካክል ስለው ሦስተኛ ማስተካከያ ስለሆነ ጨምር አለኝ። እውነት አለው?»

የለውም። የማይታይ ቁልፍ ስህተት ነው እንጂ ማስተካከያ አይደለም፤ ስህተትን በነፃ ማረም ደግሞ የሠሪው ድርሻ ነው። ግን የሥራ ዝርዝርዎ በስልክም መሥራት አለበት ካላለ፣ «አልታዘዝኩም» ለማለት ቀዳዳ ያገኛል። ጠቡ የተነሳው ከዚሁ ነው።

ስለዚህ በጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ይለዩ። ተመዝጋቢው ልኮ መረጃው ካልደረሰ ስህተት ነው፤ አይቆጠርም። የቁልፉን ቀለም ወይም የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል መቀየር ማስተካከያ ነው። የክፍያ ደረሰኝ መጫኛ ጨምርልኝ ማለት ግን አዲስ ሥራ ስለሆነ ዋጋውም ቀኑም ለብቻው ይጻፋል።

ይህ ልዩነት የሚይዘው የሚረከቡት ነገር በሚፈተን መልኩ ሲጻፍ ነው። «የመመዝገቢያ ፎርም» ብቻ አይበቃም። እንዲህ ይበሉ፦ «ስም፣ ስልክና የሥልጠና ዓይነት ተሞልቶ ሲላክ መረጃው በአስተዳዳሪው ገጽ ይታያል፤ ስልክ ቁጥሩ ባዶ ከሆነ አይላክም፤ 360 ፒክስል ስፋት ባለው ስክሪን ላይ ወደ ጎን ሳይንሸራተት ሁሉም ነገር ይታያል።» ይህንን ማንም ሰው በሩብ ሰዓት ይፈትነዋል።

ማስተካከያ የሚቆጠረው በዙር ነው። አንድ ዙር ማለት ሥራው ከደረሰዎት በኋላ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ በአንድ ሰነድ ተጠቃልሎ የሚላክ አስተያየት ነው። ሦስት የቢሮ ሰዎች በየፊናቸው መልእክት ከላኩ ዙሩ ሳያውቁት ያልቃል፤ አንድ ሰው ብቻ ይሰብስበው። ለሚቀጥለው ሥራ ሦስት ዙር ይስማሙ፦ ሁለቱን በዲዛይኑ ላይ ይጨርሱ፣ አንዱን ለሙከራው ይተዉ። በሥዕል ላይ ጥያቄ ማንሳት ቀላል ነው፤ ኮድ ከተጻፈ በኋላ ግን ፎርሙም፣ ዳታቤዙም፣ የአስተዳዳሪው ገጽም አብረው ይነካሉ።

ክፍያው «ሲያልቅ» መባሉ ሌላው ችግር ነው፤ አለቀ የሚለው ማን ነው? ለሚቀጥለው ሥራ 20 በመቶ ሲጀመር፣ 25 ዲዛይኑ ሲጸድቅ፣ 35 በሙከራ ሰርቨር ላይ ፈተናውን ሲያልፍ፣ 20 ከርክክብ በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ። ርክክብ ማለት ኮዱና የዳታቤዙ ቅጂ በእርስዎ አካውንት ገብተው፣ ሌላ ባለሙያ ከኮዱ ጋር ያለውን የመመሪያ ፋይል `README.md`ን ብቻ እያነበበ ሥራውን ማስነሳት ሲችል ነው። ዶሜይኑና ሆስቲንጉ ከመጀመሪያው በእርስዎ ስም ይከፈቱ፤ በሠሪው ስም ከሆኑ የመጨረሻውን ክፍያ መያዝዎ ብዙም አያስከብርዎትም።

ለአሁኑ፣ ቀሪውን 50 በመቶ በስምምነት ለሁለት ይክፈሉት፦ 30 ስህተቶቹ ታርመው ሲፈተኑ፣ 20 በርክክብ። የስልኩን ችግር ከስክሪን ፎቶና ከስልኩ ሞዴል ጋር «ስህተት» ብለው ለብቻው ይላኩ። በዚያው መልእክት የቀለም ጥያቄ ከደባለቁበት ሠሪው ሁሉንም እንደ ሦስተኛ ዙር ይቆጥረዋል፣ ያን ጊዜ አይፈረድበትም።