አሮጌ ዕቃ በአዲስ ሲተካ ኢንሹራንሱ ስንት ይቀንስ? ጥያቄና መልስ፣ ባሕር ዳር

ገማቹ፦ ዛሬ የምመልሰው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። መኪናችሁ ተጋጭቶ የተሰበረው ዕቃ በአዲስ ሲተካ ኢንሹራንሱ «አገልግሏል» ብሎ የሚቀንሰውን ገንዘብ። ስለ ዓረቦን ዋጋና ስለ ቦሎ አትጠይቁኝ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ያዙ፦ ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ አሮጌውን ዕቃ ከመጣላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ።

ባለ ቪትስ፦ ጋሼ፣ ከዓባይ ድልድይ ማዶ የመኪናዬ ግራ ፊት ተመታ። ፓራፋንጎ 18,000፣ የፊት መብራት 26,000፣ አንድ ጎማ 14,000፣ አንድ አሞርቲዛተር 12,000፣ የእጅና የቀለም 20,000፤ ድምሩ 90,000 ብር። ኢንሹራንሱ ከጠቅላላው 30 በመቶ እርጅና፣ ከዚያ ከራሴ የሚወጣውን 5,000 ኤክሰስ ቀንሶ 58,000 ልክፈል ይላል። ፖሊሲዬ ላይ ያለው «በአገልግሎት ለሚያልቁ ክፍሎች ተመጣጣኝ ቅናሽ ይደረጋል» የሚል ብቻ ነው። ልፈርም?

ገማቹ፦ አትፈርም። ወንድሜ፣ ዝርዝሩን በየዕቃው ስላስቀመጥክልኝ አመሰግናለሁ፤ ሁሉም እንዲህ ቢጠይቅ ሥራዬ ይቀላል።

ስህተቱ ያለው 30 በመቶው ከጠቅላላው ላይ መነሳቱ ላይ ነው። ካሳ ማለት ከግጭቱ አንድ ደቂቃ በፊት ወደነበርክበት መመለስ ነው። ግማሽ ዕድሜውን የጨረሰ ጎማ ኖሮህ ሙሉ ጎማ ከወሰድክ ግማሹ ትርፍ ነው፤ እሱን ራስህ ትከፍላለህ፣ ተገቢ ነው። ፓራፋንጎ ግን በመነዳት አያልቅም። መኪናው እስካለ ይኖራል እንጂ በየ60,000 ኪሎ ሜትር ልቀይረው የሚል ሰው የለም። አዲስ ላሜራ በመግጠምህ ያተረፍከው ነገር የለም፤ መኪናህን ስትሸጥ ገዢው ከዚህ የተነሳ አንድ ብር አይጨምርልህም፣ እንዲያውም «ተመትቷል» ብሎ ይቀንስብሃል። የእጅ ዋጋም አያረጅም። ቀጥቃጩ ለአሮጌ መኪና በርካሽ አይሠራልህም።

ስለዚህ ቅናሹ የሚመጣው ከሁለት ዕቃ ብቻ ነው። የጎማው ጥርስ ስንት ቀርቶት ነበር? አሞርቲዛተሩስ መቼ ነው የተገጠመው?

ባለ ቪትስ፦ ጎማው ላይ የኢንሹራንሱ ገማች 4 ሚሊ ሜትር ጽፏል። አሞርቲዛተሩ ደረሰኝ አለው፤ ከገባ 40,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል።

ገማቹ፦ የዚህ ዓይነት ጎማ አዲስ ሲሆን ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከ1.6 በታች ሲሆን ደግሞ ይጣላል፤ በቦዩ ውስጥ ጎልታ የምትታየው ትንሽ ጉብታ ያንን ልክ ትነግርሃለች። እንግዲህ የጎማው ዕድሜ 6.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ አንተ 4ቱን ጨርሰሃል። 62.5 በመቶ ማለት ነው፤ ከ14,000 ላይ 8,750 ይቀነሳል። የኢንሹራንሱ ገማች የለካው የት ላይ እንደሆነም ጠይቅ። ዳሩ ብቻ ተበልቶ ከሆነና እዚያ ለክቶ ከሆነ ሒሳቡ ይጎዳሃል። ዙሪያውን ሦስት ቦታ፣ መሀለኛው ቦይ ላይ ይለካና አማካዩ ይወሰዳል።

አሞርቲዛተሩ በእኛ መንገድ 80,000 ይሄዳል ተብሎ ከተስማማችሁ ግማሹ አልቋል፣ 6,000 ይቀነሳል። ደረሰኙ ባይኖርህ ኖሮ ከመኪናው ምርት ጀምሮ ቆጥረው ዜሮ ያደርጉብህ ነበር።

ጠቅላላ ቅናሹ 14,750። ከ90,000 ይህንና 5,000 ኤክሰሱን ስታነሳ 70,250 ይደርስሃል። ካቀረቡልህ በ12,250 ይበልጣል። ይህንን በየዕቃው በአንድ ገጽ ጽፈህ ለካሳ ክፍሉ አስገባ፤ «የ30 በመቶው መነሻ የትኛው የፖሊሲ አንቀጽ ነው?» ብለህም በጽሑፍ ጠይቅ።

ቀበሌ 13፦ ይቅርታ ጋሼ፣ የንግድ ሕጉ ቁጥር 678 ካሳው በአደጋው ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም ይላል። የ15 ዓመት መኪና ፓራፋንጎ የ15 ዓመት ዋጋ ነው ያለው። ኢንሹራንሱ ትክክል ነው።

ገማቹ፦ ቁጥሩን በትክክል ጠቅሰሃል፣ ያነበብክበት መንገድ ግን ልክ አይደለም። ጣሪያው የተቀመጠው መድን በተገባለት ነገር ዋጋ ላይ ነው፤ መድን የተገባለት መኪናው ነው እንጂ ፓራፋንጎው ለብቻው አይደለም። የ90,000 ብር ጥገና የቪትስ ዋጋ ላይ አይደርስም። ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ጋር መቀራረብ ሲጀምር ያኔ 678ን አምጣ።

ቀበሌ 13፦ ሕንድ አገር ግን ሰንጠረዥ አለ፤ ጎማ፣ ፕላስቲክና ባትሪ 50 በመቶ፣ መስታወት ምንም፣ ብረት እንደ መኪናው ዕድሜ። ላሜራም ይቀነሳል ማለት ነው።

ገማቹ፦ አዎ፣ የሕንዱ እንደዚያ ነው። እዚያ ሰንጠረዡ ውሉ ውስጥ ተጽፎ ደንበኛው ፈርሞበታል። የአንተም ፖሊሲ ሰንጠረዥ ካለው በሰንጠረዡ ትገዛለህ፣ የኔ የጎማ ሒሳብ አይሠራም። ባለ ቪትስ ግን ሰንጠረዥ የለውም። የሌላ አገር ሰንጠረዥ በሌለ ውል ላይ አይለጠፍም።

እናትዬ የአባይ ማዶ፦ ስንት በመቶ ነው የሚቆርጡት በአጠቃላይ?

ገማቹ፦ እህቴ፣ የየትኛው ዕቃ? የስንት ጊዜ? ፖሊሲሽ ምን ይላል? ከላይ ያለውን አንብቢና ተመለሺ።

የሽንብጥ ልጅ፦ ጎማዬ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ ጎን መጨረሻው 2315 ይላል። 2015 ዓ.ም ነው የተመረተው፣ ገና አዲስ ነው። የኢንሹራንሱ ገማች ግን አሥር ዓመት አልፎታል ይላል።

ገማቹ፦ የኢንሹራንሱ ገማች ልክ ነው። ቁጥሩ የፈረንጆች ነው፦ የ2015 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት፤ በእኛ ግንቦት መጨረሻ 2007 ዓ.ም። ጥርሱ ቢኖርም ላስቲኩ ደርቆ ጎኑ ላይ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ብዙ አትከራከር። ጎማ ስትገዛ ሻጩ ፊት ይህንን ቁጥር አንብብ።

መምህሩ፦ የኢንሹራንሱ ገማች የመኪናዬን ኮፋኖ «ጣና ዳር የቆመ መኪና ይዝጋል» ብሎ 20 በመቶ ቀነሰ። ይህ ይሆናል?

ገማቹ፦ አይሆንም። ዝገትን የሚያፋጥነው ጨው ነው፤ ጣና ደግሞ ጨው አልባ ውኃ ነው። ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ዳር የኖረ መኪና ቢሆን ክርክሩ ሌላ ነበር። ዝገት ካለ በዓይን ይታያል፦ ቀለሙ ሥር ያበጠ፣ ሲነካ የሚፈርስ። የኢንሹራንሱ ገማች ያንን በፎቶ ካሳየህ ቅናሹ ተገቢ ነው፤ የዛገ ላሜራ በአዲስ ከተተካ እውነትም ተሻሽሏል። ፎቶ ከሌለው ግን የሠፈርህ ስም ማስረጃ አይሆንም። አሮጌውን ኮፋኖ ጋራዡ ጥሎት ከሆነ አንተም ማስረጃ የለህም። ለዚህ ነው ደጋግሜ ፎቶ የምለው።

ሹፌር 21፦ ኢንሹራንሱ ራሱ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የፊት መብራትና ያገለገለ አሞርቲዛተር ገዝቶ ላከልኝ። ከዚያ ደግሞ እርጅና ቀነሰ።

ገማቹ፦ ይህ ነገር በጣም ያንገበግበኛል፣ ትንሽ ልዘርዝረው። ቅናሹ የሚመጣው አዲስ ስለወሰድክ ነው። ያገለገለ ከተተካልህ እርጅናው ዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል፤ ሻጩ ቀንሶ ነው የሸጠው። ሁለተኛ መቀነስ አንድን እርጅና ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። ፕሮፎርማው ላይ «ያገለገለ» የሚል ቃል መጻፉን አረጋግጥ፤ ሳይጻፍ ከቀረ በኋላ ላይ በአዲስ ሒሳብ ይሠሩታል።

ባሕር ዳር ላለን ሌላም አለ። ዕቃው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ማጓጓዣው ዕቃው ዋጋ ውስጥ ተጠቅልሎ ይጻፋል። እርጅናው ሲሰላ ማጓጓዣውም አብሮ ይቀነሳል። ለብቻው በአንድ መስመር ይጻፍ በሉ፤ ማጓጓዣ አያረጅም።

ቅሪቱንም ተመልከት። አሮጌውን ባትሪ ኢንሹራንሱ ከወሰደው የቅሪት ዋጋ ሊቀንስብህ አይገባም። አንተ ካስቀረኸው ይቀንሳል።

ባጃጅ 07፦ እኔን 40 በመቶ ቀነሱብኝ፣ መኪናዬ ግን ሁለት ዓመቷ ነው! ያስመዘገብኩት 900,000፣ አሁን ገበያ ላይ 1,500,000 ታወጣለች።

ገማቹ፦ ይህ እርጅና አይደለም። ከዋጋ በታች ማስመድን ነው። 900,000 ለ1,500,000 60 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ከጉዳቱ 60 በመቶውን ይከፍሉሃል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዋጋውን ያላስተካከለ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። ሌላ ርዕስ ነው፣ እዚህ አልገባበትም።

ቀበሌ 13፦ ኤክሰስ ግን መጀመሪያ መነሳት ነበረበት፤ ከዚያ እርጅና። በራሳቸው 30 በመቶ ሒሳብ እንኳ ለባለ ቪትስ 59,500 ይመጣለት ነበር፣ ከ58,000 ይሻላል።

ገማቹ፦ ሒሳብህ ልክ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን በተለምዶ ተቃራኒው ነው። የተሻሻለው ክፍል ጉዳት አይደለም፤ መጀመሪያ ጉዳቱ ስንት እንደሆነ ይለይ፣ ከዚያ ከጉዳቱ ላይ ኤክሰስ ይነሳል። ፖሊሲው ሌላ ካለ ፖሊሲው።

ባለ ቪትስ፦ የገጨኝ ሰው ጥፋተኛ ነው። የተቀነሰብኝን ከእሱ መጠየቅ እችላለሁ?

ገማቹ፦ ኤክሰሱን አዎ። የጎማውን 8,750 ግን አይመስለኝም፤ ፍትሐ ብሔር 2091 ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል፣ ያ 8,750 ደግሞ ጉዳት አልነበረም። ለዝርዝሩ ጠበቃ ጠይቅ።

የጋራዥ ሰው፦ ጋሼ፣ በመብራቱ አልስማማም። የ15 ዓመት ቪትስ መብራት ቢጫ ሆኖ ደብዝዟል። አዲሱን ገጥሜ ማታ ሳበራው ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ይህ መሻሻል ካልሆነ ምን ይባላል?

ገማቹ፦ መብራትም እንደ ፓራፋንጎ የመኪናውን ዕድሜ እንዲኖር የተሠራ ነው። ማንም በጊዜ ቀጠሮ አይቀይረውም።

የጋራዥ ሰው፦ ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ በመብራቱ ከወደቀ ግን መቀየሩ አይቀርም ነበር። ወጪው ተቆጥቦለታል።

ገማቹ፦ ይህ ክርክር ይመዝናል፣ አልክድም። ግን ከደበዘዘ ሁሉ ወደቀ አትበል። የሚለየው ቢጫነቱ የት እንዳለ ነው። ከውጭ ፕላስቲኩ ላይ ከሆነ በማለስለሻ ይነሳል፤ ያኔ የሚቀነሰው የማለስለሻው ዋጋ ብቻ ነው። ከውስጥ አንጸባራቂው ከተቃጠለ ወይም ከተላጠ ግን መብራቱ ከግጭቱ በፊትም አልቋል፣ ቅናሽ ቢጠይቁ አይገርመኝም። ስንት በመቶ በሚለው እኔና አንተ ዛሬ አንስማማም። ባለ ቪትስ፣ አሮጌው መብራት የት ነው?

ባለ ቪትስ፦ ጋራዡ ጥግ ላይ አለ፣ ግማሹ ተሰብሯል።

ገማቹ፦ ዛሬውኑ ሂድና የተረፈውን ፕላስቲክ ግማሹን በጥርስ ሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ፈትገው፣ ግማሹን ተወው። ከዚያ በቀን ብርሃን ሁለቱን ጎን ለጎን፣ የውስጡን አንጸባራቂ ደግሞ ለብቻ ፎቶ አንሳ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ አይጣል በላቸው።

ባለ ቪትስ፦ እሺ ጋሼ፣ አሁን ልሄድ ነው።