ሲምፕሌክስ ከመጀመራችሁ በፊት፦ ስላክ፣ ሰርፕለስና አርቲፊሻል

ኦፕሬሽንስ ሪሰርች ለምትማሩ ወጣቶች፣

የተማሪ ወረቀት ሳርም ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ሰንጠረዡ በጥንቃቄ ተሠርቷል፣ ፒቮቱም ልክ ነው። መልሱ ግን ስህተት ነው። ወደ ኋላ ስመለስ ችግሩን ብዙ ጊዜ የማገኘው ከመጀመሪያው ሰንጠረዥ በፊት ነው፤ ያለእኩልነቶቹ ወደ እኩልታ ሲቀየሩ። ይህን ክፍል ብዙዎቻችሁ በቃል ትይዙታላችሁ፦ «≤ ከሆነ s ጨምር፣ ≥ ከሆነ e ቀንስና a ጨምር፣ = ከሆነ a ጨምር»። ሕጉ ልክ ነው። ምክንያቱን ካላወቃችሁ ግን ጥያቄው ትንሽ ሲለወጥ ግራ ያጋባችኋል። እስቲ አንድ ምሳሌ ይዘን ቀስ ብለን እንሂድ።

አንድ የዶሮ መኖ ማቀነባበሪያ ከበቆሎና ከአኩሪ አተር 100 ኪሎ መኖ ማዘጋጀት ፈለገ እንበል። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አድርጌ ነው የመረጥኳቸው። በቆሎው 10 በመቶ፣ አኩሪ አተሩ 40 በመቶ ፕሮቲን አለው። ድብልቁ ቢያንስ 19 ኪሎ ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። መጋዘን ያለው በቆሎ 80 ኪሎ ብቻ ነው። በቆሎ በኪሎ 30 ብር፣ አኩሪ አተር 60 ብር ነው። ወጪው በተቻለ መጠን ዝቅ ይበል። በቆሎውን x፣ አኩሪ አተሩን y ብለን እንጻፈው።

```
min 30x + 60y
x + 4y ≥ 190
x +  y = 100
x      ≤ 80
x, y ≥ 0
```

የመጀመሪያው ገደብ 0.1x + 0.4y ≥ 19 ነበር። ነጥቡን ለማጥፋት በ10 አባዝቼዋለሁ። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ከቀላሉ እንጀምር። በቆሎው ከ80 ኪሎ አይበልጥም። 60 ኪሎ ብንጠቀም 20 ኪሎ መጋዘን ይቀራል። ይህን ቀሪ s ብንለው x + s = 80 ይሆናል። ስላክ ማለት ይኸው ነው፤ ሳንጠቀምበት የቀረ በቆሎ፣ በኪሎ የሚለካ። ፕሮቲኑ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከሚፈለገው በላይ የገባውን e ብለን እንቀንሰዋለን፦ x + 4y − e = 190። ይህ ሰርፕለስ ነው። ሁለቱም ከዜሮ በታች መውረድ አይችሉም። s ከዜሮ በታች ከወረደ የሌለ በቆሎ ተጠቅመናል ማለት ነው። e ከወረደ ደግሞ ፕሮቲኑ ጎድሏል።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ሲምፕሌክስ ከየት ይነሳል? የሚቀለው x = 0፣ y = 0 ብሎ መነሳት ነው። ሦስተኛው ረድፍ s = 80 ይሰጠናል፤ ችግር የለውም። የመጀመሪያው ግን e = −190 ይላል፣ ይህ አይፈቀድም። ሁለተኛው ይብሳል፤ 0 = 100 ይሆንብናል። ምንም ሳንቀላቅል 100 ኪሎ መኖ አይገኝም።

በነገራችን ላይ ይህ ችግር ከሲምፕሌክስ መወለድ ጀምሮ አብሮት አለ። ጆርጅ ስቲግለር በ1945 ያቀረበው የምግብ ጥያቄ 77 ምግቦችና 9 የንጥረ ነገር ገደቦች ነበሩት፤ ገደቦቹም «ቢያንስ ይህን ያህል» የሚሉ ናቸው። ምንም ሳይበሉ መነሳት እዚያም አያስኬድም። ጆርጅ ዳንዚግ በ1947 ያወጣው ሲምፕሌክስ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ትልልቅ ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር። በጠረጴዛ ማስያ ማሽን ወደ 120 የሰው ቀን ገደማ ወሰደ።

መፍትሔው በሁለቱ አስቸጋሪ ረድፎች ላይ አርቲፊሻል ተለዋዋጭ መጨመር ነው።

```
x + 4y − e + a1 = 190
x +  y     + a2 = 100
x      + s      = 80
```

አሁን መነሻ አገኘን፦ a1 = 190፣ a2 = 100፣ s = 80። ልብ በሉ፣ a1 እና a2 መጋዘን ውስጥ የሉም። የሚለኩት ገደቡን ለማሟላት ገና ምን ያህል እንደሚቀረን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችን እነሱን ወደ ዜሮ ማውረድ ነው። ወጪውን ለጊዜው እንተወውና w = a1 + a2 ን እናሳንስ። ይህ ምዕራፍ አንድ ይባላል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይወድቃል። w = a1 + a2 ን እንዳለ ሰንጠረዡ ላይ ጽፎ ይጀምራል። ነገር ግን a1 እና a2 ቤዚስ ውስጥ ናቸው፤ የግቡ ረድፍ ደግሞ ከቤዚስ ውጭ ባሉት መጻፍ አለበት። ከሁለቱ እኩልታዎች a1 እና a2ን አውጥታችሁ ተኩ፦

```
w = 290 − 2x − 5y + e
```

መነሻው ላይ w 290 መሆኑን አረጋግጡ፤ 190 እና 100 ሲደመር ነው። ይህ ካልመጣላችሁ ወደ ፊት አትሂዱ።

y ሲጨምር w በፍጥነት ይወርዳል፣ ስለዚህ y ይግባ። የመጀመሪያው ረድፍ እስከ 190/4 = 47.5፣ ሁለተኛው እስከ 100 ይፈቅዳል። ትንሹ 47.5 ነው፤ a1 ይወጣል። አሁን w = 52.5 − 0.75x − 0.25e ሆነ፤ የወጣው a1 ስለማይመለስ ትቼዋለሁ። ቀጥሎ x ይግባ። ሦስቱ ረድፎች በየተራ 190፣ 70 እና 80 ይፈቅዳሉ። ትንሹ 70 ነው፤ a2 ይወጣል። w ዜሮ ሆነ። ያገኘነው x = 70፣ y = 30፣ s = 10፣ e = 0 ነው።

አሁን አርቲፊሻሎቹን ጥለን ወደ ወጪው እንመለስ። ከቤዚስ ውጭ የቀረው e ብቻ ነው። x = 70 − e/3፣ y = 30 + e/3 ስለሆኑ ወጪው 3900 + 10e ይሆናል። e ከጨመረ ወጪ ይጨምራል፣ ስለዚህ 3900 ብር ትንሹ ነው። አሁን ያ በ10 ማባዛት ይታወሳችሁ። አንድ ተጨማሪ ኪሎ ፕሮቲን e = 10 ማለት ነው፤ ስለዚህ ዋጋው 10 ሳይሆን 100 ብር ነው። s = 10 የሚለውም መጋዘን 10 ኪሎ በቆሎ ይቀራል ማለት ነው። በየተለዋዋጩ ጎን መለኪያውን የመጻፍ ልማድ ካላችሁ ይህ አያምታታችሁም።

w ዜሮ ባይደርስስ? አንድ ደንበኛ 45 ኪሎ ፕሮቲን ጠየቀ እንበል። የመጀመሪያው ገደብ x + 4y ≥ 450 ይሆናል። ሁሉንም አኩሪ አተር ብናደርገው እንኳ ግራው 400 ነው። ምዕራፍ አንድ a1 = 50 ላይ ይቆማል። ሰንጠረዡ አልተበላሸም። 5 ኪሎ ፕሮቲን ይጎድላል፣ በእነዚህ ሁለት እህሎች አይቻልም እያለ ነው። ይህን ሳያዩ ወደ ምዕራፍ ሁለት የሚሄዱ ሰዎች የማይቀላቀል መኖ ዋጋ ያሰላሉ።

አርቲፊሻል ሳያስፈልግ የሚጨምሩም አሉ። «አኩሪ አተሩ በቆሎውን ከ20 ኪሎ በላይ አይብለጠው» የሚለው x − y ≥ −20 ተብሎ ቢጻፍ ምልክቱን ብቻ አይታችሁ e እና a አታስገቡ። መጀመሪያ በ−1 አባዙት፤ −x + y ≤ 20 ይሆናል። አንድ ስላክ ይበቃዋል። የቀኝ እጅ ቁጥር አሉታዊ ከሆነ ምንም ከመጨመራችሁ በፊት አስተካክሉት።

መምህራችሁ ከምዕራፍ አንድ ይልቅ ቢግ ኤም ቢያስተምሯችሁ ሐሳቡ አንድ ነው። በወጪው ላይ M·a1 + M·a2 ይጨመራል። ከፍተኛ ትርፍ ስትፈልጉ ግን M ይቀነሳል፤ ምልክቱ ከተሳሳተ ሲምፕሌክሱ አርቲፊሻሉን ማስወጣቱ ቀርቶ ያሳድገዋል። በእጅ ስትሠሩ M ፊደል ሆኖ ይቀመጣል፣ ችግር የለም። ኮምፒውተር ላይ ግን ቁጥር መስጠት ግድ ነው። ተራው የነጥብ ቁጥር የሚይዘው 16 አሃዝ ያህል ነው። M ን 10 ከፍ በ18 ብታደርጉ 30 ብር ሲደመርበት ይጠፋል፤ ዋጋውም አብሮ ይጠፋል። በጣም ትንሽ ብታደርጉት ደግሞ አርቲፊሻሉ መውጣት ሲገባው ይቀራል። ፕሮግራም ስትጽፉ ሁለት ምዕራፉን ምረጡ፤ እዚያ ገምቶ የሚሰጥ M የለም።