ፔይስሊፕና ኮንትራት ሳይስማሙ ሲቀሩ፦ ጥያቄና መልስ

ሜሮን፦ ኮንትራቴ መሠረታዊ ደመወዝ 12,000፣ የቤት አበል 2,000 ይላል። ባንክ የሚገባልኝ 8,990 ብር ነው። ልክ ነው?

ሳምሶን (የፔይሮል ሒሳብ ሠራተኛ)፦ አይመስለኝም። መጀመሪያ ስሊፑን ወደ ጎን አድርጊውና ከኮንትራቱ ተነስተሽ ራስሽ አስዪው። ግብር የሚታሰበው በሁለቱ ድምር፣ በ14,000 ላይ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው ሰንጠረዥ ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ለሆነ ገቢ በ30 በመቶ ይባዛና 1,350 ይቀነሳል። 4,200 ሲቀነስ 1,350፣ ግብርሽ 2,850 ነው። ጡረታ ደግሞ ከመሠረታዊ ደመወዝ ብቻ 7 በመቶ፣ 840 ብር። ሁለቱ ሲወጡ 10,310 ይቀርሻል።

የጎደለው 1,320 ነው። እሱ ደግሞ የ12,000 ልክ 11 በመቶ ነው። የጡረታው መስመር ላይ ስንት ተጽፏል?

ሜሮን፦ 2,160። ኤችአር ስጠይቅ «ጡረታ 18 በመቶ ነው» አሉኝ።

ሳምሶን፦ 18 በመቶ የሚሞላው የሁለታችሁ ድርሻ ሲደመር ነው። 11 በመቶው ከአሠሪው ኪስ ነው የሚወጣው። ግን ከመጣላትሽ በፊት አንድ ነገር እዪ። አንዳንድ ድርጅት 1,320ውን በገቢ በኩል ጨምሮ በተቀናሽ በኩል መልሶ ያወጣዋል። እንደዚያ ከሆነ የተጣራው አይነካም። ያንቺ ስሊፕ ጠቅላላ ገቢ 14,000 ብሎ 2,160 ከቀነሰ ግን የእነሱን ድርሻ አንቺ እየከፈልሽላቸው ነው።

ዳዊት፦ ግብሩም እኮ ተሳስቷል። ጡረታው መጀመሪያ ተቀንሶ ነው በቀረው ላይ ግብር የሚሰላው። ከግብር ነፃ ነው ተብሎ የለ?

ሳምሶን፦ ነፃ የሆነው አሠሪው የሚያስገባው ነው፤ ለእሷ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር አይጠየቅበትም። የእሷ 7 በመቶ ግን የግብሩን መነሻ አይቀንስም። ግብሩም ጡረታውም የሚታሰቡት አንዱ ከሌላው ሳይቀነስ ነው። የግብር ስህተት ከፈለግህ ሌላ ቦታ ፈልግ፦ የግብሩ መስመር 3,400 ካለ የድሮው ሰንጠረዥ ሳይቀየር ቀርቷል ማለት ነው። በ14,000 ላይ የ550 ብር ልዩነት አለው። የኤክሴል ፎርሙላ ማን ይነካል ብለው የተዉት አይቻለሁ።

አልማዝ፦ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ኮንትራቴ «የተጣራ 15,000» ነው የሚለው። ሰንጠረዡ ሲቀየር የሁሉም ሰው ደመወዝ ከፍ አለ፣ የእኔ ግን ያው ነው። በሉኝ አይደል?

ሳምሶን፦ ይሄ ከሜሮን ጉዳይ ይለያል እት አለም። የተጣራ ብለሽ ከፈረምሽ ግብሩን የሚሸከመው አሠሪው ነው፤ ሲቀንስም ቅናሹ ወደ እሱ ይሄዳል። ጥቅሙ ለማን ይገባል የሚለውን ኮንትራትሽ ካልመለሰው አከራካሪ ነው፣ እኔ አልፈርድም። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ስሊፕሽ ላይ ግብር ያልተቀነሰበት ሙሉ ደመወዝ ስንት ተብሎ ተጽፏል? ጡረታሽ በእሱ ላይ ነው የሚታሰበው። ቁጥሩን በጽሑፍ ጠይቂ።

ከአዳማ፦ እኛ ጋ ደመወዝ 5,000፣ «ልዩ አበል» 9,000 ተብሎ ነው የተፈረመው። ጡረታ 350 ብቻ ይቆረጣል። እጄ ላይ የሚገባው ስለበዛ ደስ ብሎኛል፣ ችግር አለው?

ሳምሶን፦ ዛሬ የለውም፤ ጡረታ ስትወጣ ነው የሚታይህ። አሠሪህም በ14,000 ላይ ቢታሰብ ከሚያስገባው 1,540 ይልቅ 550 ብቻ ነው የሚያስገባልህ። ሕጉ ደመወዝ የሚለው በመደበኛ የሥራ ሰዓት ለተሠራ ሥራ የሚከፈለውን ሙሉ ክፍያ ነው። «ልዩ አበሉ» ለምን እንደሚከፈል ማንም ካላወቀ፣ በየወሩም ሳይዛነፍ ከመጣ፣ ደመወዝ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል።

ዳዊት፦ የፈረመውን ወረቀት ይዞ? አይሸነፍም?

ሳምሶን፦ ሊሸነፍም ይችላል። አበሉ በእርግጥ ለትራንስፖርት ወይም ለበረሃ ከሆነ የአሠሪው ቃል ይጸናል።

ሜሮን፦ 840 ብቻ ቢቀንሱልኝ ኖሮስ፣ ገንዘቡ መግባቱን በምን አውቃለሁ?

ሳምሶን፦ ከስሊፑ አታውቂም። ስሊፕ መቆረጡን እንጂ መግባቱን አያሳይም። አሠሪው በየወሩ የሠራተኞችን ስምና ደመወዝ ዘርዝሮ ጡረታውን ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያሳውቃል። ያንቺ ስም ያለበትን መስመር እንዲያሳዩሽ ጠይቂ፤ የተጻፈው ደመወዝ 12,000 መሆኑን እዪ። የጡረታ መለያ ቁጥርሽንም ያዢ። ቁጥሩን እስካሁን ካልሰጡሽ መጀመሪያ እሱን ጠይቂ። የ1,320ውን ጉዳይ ደግሞ በደብዳቤ አስገቢ፣ የስንት ወር እንደሆነ ቆጥረሽ፣ ስሊፖቹን አያይዘሽ። ኮፒው ላይ አስፈርመሽ አስቀሪ።