ቀን ያልተቆረጠለት ብድር

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የሰፈራችን ልጅ ቤቴ መጣ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የህትመት ቤት አለው። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ የመጣበትን ነገር አነሳ።

«ጋሼ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ሥራ ይዣለሁ። ወረቀት መግዣ 40,000 ብር አጠረኝ። ሂሳቤን የሚከፍሉኝ ከወር ተኩል በኋላ ነው። ባንኩ ኦቨርድራፍትም አጭር ብድርም ይሰጠኛል። ኦቨርድራፍቱ አይረክስም?»

ይረክሳል ልለው አፌን ከፈትኩና ዝም አልኩ። ይቺን መልስ ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ሰጥቻታለሁ።

በ1994 ዓ.ም. ኮምቦልቻ የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ብድር ክፍል እሠራ ነበር። የምኖረው ደሴ ነው። ጠዋት ጠዋት ከደሴ ካፖርቴን ለብሼ እነሳለሁ፣ ሐረጎን በጭጋግ እንወርዳለን፣ ኮምቦልቻ ስደርስ ካፖርቱ ክንዴ ላይ ነው። ሹፌሮቹ ያንን ጠመዝማዛ እያወሩ ሲነዱ ስንት ጊዜ ዓይኔን ጨፍኛለሁ! ለማንኛውም፣ አንድ ቀን አንድ ልብስ ሰፊ መጣ። በዕድሜ ይበልጠኛል። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጣለ ነው የመጣው፣ ኮቱ ላይም ሁለት መርፌ ተሰክቷል። የዩኒፎርም ሥራ አግኝቶ ጨርቅ መግዣ 20,000 ብር ጎድሎታል።

እሱ የጠየቀው ብድር ነበር። እኔ ግን ኦቨርድራፍትን እወድ ነበር። ከረንት አካውንት ስላለው ጣሪያ ይፈቀድለታል፤ ሂሳቡ ባዶ ሲሆን እስከዚያ ጣሪያ ድረስ ቼክ ይጽፋል። ወለዱ የሚታሰበው በየቀኑ በተጠቀመበት ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። ገንዘብ ሲያስገባ ዕዳው ወዲያው ይቀንሳል። አስረዳሁት፣ በወረቀት አሰላሁለት። አዳመጠኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«መቼ ነው የምከፍለው?»

«ሲመጣልዎት» አልኩት።

«አይ የኔ ልጅ፣ እኔ ቀን ካልተቆረጠልኝ አልከፍልም።»

ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ስለ ራሱ የሚያውቀውን ነገር እየነገረኝ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፈረመ።

የዩኒፎርሙ ክፍያ ዘግይቶ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ገባ። ዕዳው ወደ 3,000 ብር ወረደ። ደስ አለኝ፣ ለሥራ አስኪያጁም አሳየሁት። ችግሩ የጀመረው ግን እዚህ ላይ ነው። ዕዳው ሲወርድ ጣሪያው ባለበት ነው፤ 17,000 ብር እንደገና ክፍት ሆነ። መጀመሪያ ለቤት ኪራይ አወጣ። ቀጥሎ ለልጁ ሰርግ። ባለቤቱ «ባንክ ብር አለን» ትል ነበር አሉ። አልተሳሳተችም፤ ቼኩ ያልፋል። እኔም በየወሩ የሂሳቡን ካርድ አያለሁ፤ ገንዘብ ይገባል፣ ገንዘብ ይወጣል። ሂሳቡ ይንቀሳቀሳል ብዬ አለፍኩ። ማየት የነበረብኝ በወሩ ውስጥ ዕዳው ዝቅ ያለበትን ቀን ነበር። 3,000 የነበረው 9,000 ሆነ፣ ከዚያ 14,000። ወደ ዜሮ ጠጋ የማይል ኦቨርድራፍት የአጭር ጊዜ ጉድለት መሸፈኛ መሆኑ ቀርቷል። ቋሚ ዕዳ ሆኗል፣ መክፈያ ቀን የሌለው።

ዓመቱ ሲሞላ ፈቃዱ አበቃ። ኦቨርድራፍት በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ባንኩ አላድስም ካለ ሙሉው ዕዳ በአንድ ጊዜ ይፈለጋል። የእሱ ዕዳ ከ19,000 በላይ ነበር። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሱቁ ስሄድ ከሦስቱ የስፌት መኪና አንዱ ብቻ ቀርቷል። ሁለቱ የነበሩበት ሲሚንቶ ላይ የእግራቸው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ አራት አራት ነጥብ። ይቅርታ ልለው ስንተባተብ «አብሽር» አለኝ። እሱ እኔን!

ወደ ልጁ ልመለስ። የዛሬ ልጆች ስሌት አታውቁም አልልም፤ ስልካችሁ ላይ ከእኛ ቀድማችሁ ታሰላላችሁ። ግን የምታወዳድሩት የወለዱን መቶኛ ብቻ ነው። እስቲ ለምሳሌ ኦቨርድራፍቱን በ15 በመቶ፣ ብድሩን በ13 በመቶ እንያዘው። 40,000 ብር በኦቨርድራፍት ለ45 ቀን ቢያዝ ወለዱ 740 ብር ገደማ ነው። ያው ገንዘብ በሦስት ወር ብድር፣ በየወሩ እኩል እየተከፈለ፣ 870 ብር ገደማ ይወልዳል። ይሄ ሁሉ «ይረክሳል» 130 ብር ነው። ባንኩ ለብድሩ የአገልግሎት ክፍያ ከጠየቀ እሱን ጨምርበት፤ ለኦቨርድራፍቱም ካለ እንዲሁ።

አሁን የልብስ ሰፊውን መንገድ እንከተል። ኦቨርድራፍቱ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ቢቆይ ወለዱ 6,000 ብር ነው፣ 40,000ው ዕዳም እንዳለ አለ። ብድሩ ወደ 12 ወር ቢረዝም እንኳ ወለዱ 2,900 አይሞላም፣ መጨረሻው ላይም ዕዳ የለም።

ስለዚህ ብድሩን ውሰድ አልኩት። ግን እዚህም ወጥመድ አለ። ወርሃዊ ክፍያ ከሆነ የመጀመሪያው በ30ኛው ቀን ይደርሳል፣ ከ13,600 ብር በላይ። ትምህርት ቤቱ የሚከፍለው በ45ኛው ቀን ነው። እና በምኑ ሊከፍል ነው? ሰው እዚህ ላይ ነው ብድር ለመክፈል ሌላ ብድር የሚያነሳው። ከመፈረሙ በፊት የእፎይታ ጊዜ ወይም በመጨረሻ ቀን አንዴ የሚከፈል ውል ይጠይቅ። ይህን ሳይፈርሙ መጠየቅ ቀላል ነው። ከፈረሙ በኋላ ልመና ይሆናል። ገንዘቡ ቀድሞ ቢገባ ያለ ቅጣት መዝጋት ይቻል እንደሆነም በዚያው ይጠይቅ።

ይህን ሁሉ ብዬ፣ ሰኞ ገበያ ላይ እህል የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ቢጠይቀኝ ኦቨርድራፍት እለዋለሁ። የእሱ ገንዘብ በሳምንት ውስጥ ይወጣል ይገባል፤ ጉድለቱ ዛሬ 5,000፣ ሐሙስ 30,000፣ ሰኞ ዜሮ ነው። ለእንዲህ ያለው የታሰበ ነው። በ2014 ዓ.ም. የመጡት የቴሌብር አገልግሎቶችም ይህንኑ ልዩነት ይዘዋል፤ «መላ» ብድር ነው፣ «እንደኪሴ» ደግሞ ሂሳብህ ሲጎድል ክፍያህን የሚሞላ ኦቨርድራፍት። ስልክ ላይ ሲሆን ዕዳ አይመስልም፣ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ልጁን የሦስት ወር ስቴትመንቱን አሳየኝ አልኩት። ከስልኩ አወጣ። ገቢው ጥሩ ነው። ግን በሦስቱም ወር መጨረሻ ላይ ሂሳቡ ከ2,000 ብር በታች ወርዷል፤ ገባ ሲል ይወጣል። ለዚህ ልጅ ክፍት ጣሪያ መስጠት ለሰፊው እንደሰጠሁት ነው። አልነገርኩትም፤ ይከፋዋል።

«ትምህርት ቤቱ በ45 ቀን እከፍላለሁ ያለህ በጽሑፍ ነው?» አልኩት።

«በቃል ነው ጋሼ። ግን ሰዎቹ ጥሩ ናቸው።»

ባንክ ከመሄድህ በፊት ደውለህ ቀኑን በደብዳቤ አስጽፍ አልኩት። እሺ ብሎ ሦስተኛውን ቡና ጠጥቶ ሄደ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ጠዋት መንገድ ላይ አገኘሁት፣ እስካሁን አልደወለም።