አስር መቼ አስራ ይሆናል?

«ቀፊራ ላለው ሱቃችን ደረሰኝ የሚያትም ፕሮግራም ጽፌ ነበር። 12,317.50 ሲገባለት ‹አስር ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አስር ሰባት› ይላል። 1,000,045 ደግሞ ‹አንድ ሚሊዮን ዜሮ ሺህ አርባ አምስት› ሆኖ ይወጣል። ምን ላስተካክል?» (ከድሬዳዋ)

ፕሮግራምዎ አስርን እንደ ሃያ ቆጥሮታል። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ እያልን እስከ ዘጠና ብንሄድ ቃሉ አይለወጥም፤ ሃያ አንድ፣ ዘጠና ዘጠኝ ብለን እንቀጥላለን። አስር ግን ከኋላው ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያለ ቁጥር ሲመጣ አስራ ይሆናል። የ11፣ የ12፣ የ13 ስም ለየብቻ መመዝገብ አያስፈልግዎትም። የአስር ቤቱ 1 ከሆነ የአንድ ቤቱን ይይ። ዜሮ ከሆነ «አስር»፣ ካልሆነ «አስራ» ይበል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ከኋላው ሌላ ቃል ካለ አስራ በል» ብለው ካዘዙት 10,000ን «አስራ ሺህ» ይለዋል። ሺህ የቡድኑ ስም እንጂ የአንድ ቤት ቁጥር አይደለም። ትክክሉ አስር ሺህ ነው።

ቁጥሩን ከቀኝ ጀምረው ሦስት ሦስት አድርገው ይክፈሉት። እያንዳንዱን ቡድን ለብቻው ያንብቡና ሺህ ወይም ሚሊዮን ይጨምሩበት። 12,317 ሁለት ቡድን ነው፦ «አስራ ሁለት» ሲደመር ሺህ፣ ከዚያ «ሦስት መቶ አስራ ሰባት»። ቡድኑ 000 ከሆነ ከነስሙ ይዘለል። ሁለተኛው ቁጥርዎ «አንድ ሚሊዮን አርባ አምስት» ብቻ ነው። በአማርኛ ሂሳብ ስንናገር በመሃል ዜሮ አንልም።

በአፍ «መቶ ብር»፣ «ሺህ ብር» እንላለን። 1,200ንም «አስራ ሁለት መቶ» የሚል አለ፤ ዓመተ ምሕረት ስንጠራ የለመድነው አነጋገር ነው። ደረሰኝ ላይ ግን «አንድ መቶ»፣ «አንድ ሺህ ሁለት መቶ» ብለው ይጻፉ። «መቶ» ብቻውን መስመር ከጀመረ ከፊቱ «ሦስት» ጣል ማድረግ ለማንም ቀላል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። ሰባትና ሰባን የሚለያቸው አንድ «ት» ናት። አንድ ሱቅ ያየሁት ደረሰኝ ወረቀቱ ጠባብ ስለነበር ማተሚያው ቃሉን መሃል ላይ ቆርጦት፣ «ሰባ» አንድ መስመር ላይ፣ «ት ሺህ» ታች ወርዶ ነበር። ገዢው «ት»ዋን ሳያያት ሰባ ሺህ መስሎት ደነገጠ። መስመር የሚሰበረው በቃላት መካከል ባለው ክፍተት ብቻ ይሁን። 7,000ን እና 70,000ን በዚያው ወረቀት ላይ አትመው ይሞክሩት።

ሳንቲሙን ለብቻው ያንብቡት። የእርስዎ ቁጥር እንዲህ ይወጣል፦ «አስራ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አስራ ሰባት ብር ከሃምሳ ሳንቲም»። ሳንቲም ከሌለ «ብር ብቻ» ብለው ይዝጉት።